በባለሁለት መንገድ ቫልቭ የሚሠራ የቀዘቀዘ ውሃ መስመር እንዴት ይመጣጠናል? ከመጀመሪያው ልኬት እስከ ሴት ፖይንት ሪሴት

ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ፓምፑ ሊጠብቀው የሚገባው የግፊት ልዩነት ሴት ፖይንት ሳይለካ ከፓምፑ ሰሌዳ ላይ ወይም ከሌላ ሕንፃ ተገልብጦ ሲገባ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መስመሩ ሁሉም ቫልቮች በተከፈቱበት ሁኔታ ብቻ ተመጣጥኖ ርክክብ ሲፈጸም ነው። ከዚያ በኋላ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ባጋደለ ዕለት፣ ከፓምፑ አጠገብ ያለው ዩኒት ውሃ ያንሰዋል። ብዙ ሰው ይጠማል ብሎ የሚጠብቀው የሩቁን ዩኒት ስለሆነ፣ የቅርቡ ችግር ምክንያቱ ሳይታወቅ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ በደረጃ 5 እና 6 በሰፊው ተብራርተዋል።

መመሪያው የሚያገለግለው ተራ ባለሁለት መንገድ መቆጣጠሪያ ቫልቭና በእጅ የሚስተካከል የማመጣጠኛ ቫልቭ ላላቸው መስመሮች ነው። ቫልቮቹ ግፊቱ ቢለዋወጥም ፍሰቱን በራሳቸው የሚገድቡ ዓይነት ከሆኑ ደረጃ 4 እና 6 አይመለከትዎትም።

የምንሠራበት ምሳሌ

በጅማ ከተማ ያለ አንድ ባለአራት ፎቅ የላቦራቶሪ ሕንፃ እናስብ። አንድ ቺለር፣ በኢንቨርተር የሚዞር አንድ ፓምፕና አራት የአየር ማቀዝቀዣ ዩኒቶች አሉት። ውሃው በ7 ዲግሪ ወጥቶ በ13 ዲግሪ ይመለሳል። ዩኒት 1 ከፓምፑ ክፍል አጠገብ ነው፤ ዩኒት 4 የመጨረሻው ነው። የግፊት ልዩነት ሴንሰሩ የተተከለው በዩኒት 4 ቅርንጫፍ መነሻ፣ በመላኪያውና በመመለሻው ቧንቧ መካከል ነው።

የእያንዳንዱ ዩኒት የዲዛይን ፍሰት የሚሰላው እንዲህ ነው፤ `q` በሊትር በሰከንድ፣ `kW` የማቀዝቀዝ አቅሙ፣ `dT` የውሃው የሙቀት ልዩነት ነው።

```
q = kW / (4.19 x dT)
```

ልዩነቱ 6 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ሊትር በሰከንድ 25 ኪሎዋት ገደማ ይሸከማል። ስለዚህ፦

- ዩኒት 1፦ 75 ኪሎዋት፣ 3.0 ሊትር በሰከንድ
- ዩኒት 2፦ 100 ኪሎዋት፣ 4.0 ሊትር በሰከንድ
- ዩኒት 3፦ 50 ኪሎዋት፣ 2.0 ሊትር በሰከንድ
- ዩኒት 4፦ 75 ኪሎዋት፣ 3.0 ሊትር በሰከንድ

ድምሩ 12 ሊትር በሰከንድ ሲሆን ፓምፑም ለዚሁ የተመረጠ ነው። በእርስዎ ሕንፃ የዩኒቶቹ ድምር ከፓምፑ አቅም የሚበልጥ ከሆነ፣ ይህም ሁሉም በአንድ ጊዜ ሙሉ ጭነት አይደርሱም ተብሎ በሚነደፍ ሕንፃ የተለመደ ነው፣ ለልኬቱ ጊዜ ድምሩ ከፓምፑ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ከፓምፑ አጠገብ ያሉትን አንዳንድ ዩኒቶች ይዝጉ። የሩቆቹን አይዝጉ።

## ደረጃ 1፦ ከመነሳትዎ በፊት

1. የግፊት ልዩነት መለኪያ ማኖሜትሩን ከነቱቦዎቹና ከማመጣጠኛ ቫልቮቹ መለኪያ ጡት ጋር ከሚገጥሙት መርፌዎችና ማያያዣዎች ጋር ይያዙ። ማያያዣው ካልገጠመ በከተማው ውስጥ ተተኪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ የቫልቮቹን ሥሪትና ስፋት አስቀድመው በፎቶግራፍ ያስልኩ።
2. የእያንዳንዱን የማመጣጠኛ ቫልቭ የፋብሪካ ሠንጠረዥ ያግኙ። በእጀታው ላይ ያለው የዙር ቁጥር ከሠንጠረዡ ውጭ ትርጉም የለውም፤ ለእያንዳንዱ ዙር የተሰጠውን `Kv` ካወቁ ግን ከተለካው ግፊት ፍሰቱን ያገኛሉ። በሚከተለው ቀመር ግፊቱ በኪሎፓስካል፣ ፍሰቱ በሊትር በሰከንድ ነው።

```
dP = (36 x q / Kv)^2
```

3. ረዳት ይያዙ። አንዱ በመጨረሻው ዩኒት ላይ ቆሞ ንባብ ሲነግር ሌላው ቫልቭ ያዞራል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ንባቡ ይለወጥበታል።
4. በኮንትሮለሩ ላይ ቫልቮችን በእጅ ትእዛዝ የመክፈትና የፓምፑን ድግግሞሽ በእጅ የመወሰን ፈቃድ እንዳለዎት ያረጋግጡ።

## ደረጃ 2፦ መስመሩን ለልኬት ብቁ ማድረግ

ቆሻሻና አየር ያለበትን መስመር ማመጣጠን ቆሻሻውን ማመጣጠን ነው፤ ማጣሪያው በታጠበ ማግስት ሁሉም ቁጥር ይለወጣል። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ።

1. ፓምፑን አጥፍተው ኢንቨርተሩን ከዋናው መቁረጫ ቆልፈው፣ የፓምፑንና የእያንዳንዱን ዩኒት የውሃ ማጣሪያ ፈትተው ይጠቡ። አዲስ መስመር ከሆነ ፓምፑን ለጥቂት ሰዓታት በሙሉ ፍጥነት አዙረው እንደገና ይክፈቷቸው፤ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው የበለጠ ዝቃጭ ቢያወጣ አይገረሙ።
2. አየሩን ከከፍተኛው ቦታና ከየኮይሉ ራስ ያስወጡ። የማኖሜትሩ ንባብ ያለማቋረጥ የሚዋዥቅ ከሆነ በቅርንጫፉ ውስጥ ወይም በመለኪያ ቱቦዎቹ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው።
3. የግፊት ልዩነት ሴንሰሩን ዜሮ ያድርጉ፦ የሁለቱን ቱቦዎች ማገናኛ ቫልቭ ከፍተው በኮንትሮለሩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ያንብቡ። ዜሮ ካልሆነ ያርሙት። ፓምፑ ሲሠራ ንባቡ ከዜሮ በታች ከሆነ የመላኪያውና የመመለሻው ቱቦ ተዘዋውረዋል።
4. እያንዳንዱን መቆጣጠሪያ ቫልቭ 100 በመቶ፣ ከዚያም 0 ብለው አዝዘው ግንዱ በእርግጥ መንቀሳቀሱን በዐይንዎ ይመልከቱ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው 100 በመቶ ትእዛዝ እንጂ የቫልቩ ቦታ አይደለም። የአክቹዌተሩ ማያያዣ ብሎን ላልቶ፣ ሞተሩ ሲዞር ቫልቩ ባለበት የቆመ ዩኒት በብዙ ሕንፃ አይጠፋም።

ቺለሩን ለዚህና ለሚቀጥሉት ሦስት ደረጃዎች ማጥፋት ይቻላል። እንዲያውም በክረምት ወራት፣ የጅማ አየር እርጥብ በሆነበት ጊዜ፣ ማጥፋቱ ይመረጣል፦ ሁሉንም ቫልቮች ከፍተው 7 ዲግሪ ውሃ ቢያዞሩ ክፍሎቹ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛሉ፤ በቂ ሽፋን በሌለው ቧንቧ ላይም ጤዛ ይንጠባጠባል። በክፍል ሙቀት ያለ ውሃ ከቀዘቀዘው ትንሽ ቀለል ብሎ ይፈሳል፤ ልዩነቱ ግን ለማመጣጠን የሚያሰጋ አይደለም።

## ደረጃ 3፦ ሁሉንም ከፍቶ መለካት

1. አራቱን መቆጣጠሪያ ቫልቮች 100 በመቶ ይክፈቱ።
2. አራቱን የማመጣጠኛ ቫልቮች ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ።
3. የቺለሩን ዝቅተኛ ፍሰት የሚጠብቀውን የባይፓስ ቫልቭ ይዝጉና በራሱ እንዳይከፈት በእጅ ትእዛዝ ይያዙት። ይህ ከተረሳ የሚለኩት ድምር ከፓምፑ ፍሰት ያንሳል፤ ምክንያቱንም ሲፈልጉ ይውላሉ።
4. ፓምፑን በ50 ኸርዝ ያስነሱና የእያንዳንዱን ዩኒት ፍሰት ይለኩ። እያንዳንዱን ለዲዛይን ፍሰቱ አካፍለው በመቶኛ ይጻፉ።

በምሳሌያችን የተገኘው ይህ ነው እንበል፦ ዩኒት 1 4.16 ሊትር፣ ማለትም 139 በመቶ፤ ዩኒት 2 4.75 ሊትር፣ 119 በመቶ፤ ዩኒት 3 2.46 ሊትር፣ 123 በመቶ፤ ዩኒት 4 2.71 ሊትር፣ 90 በመቶ። ድምሩ 14.1 ሊትር በሰከንድ ገደማ ነው፤ ፓምፑ ከሚጠበቅበት በላይ እየሰጠ ሩቁ ዩኒት ግን ይጎድለዋል።

ድምሩን በቺለሩ ኢቫፖሬተር ላይ ካለው የግፊት ልዩነት ጋር ያመሳክሩ። ኢቫፖሬተሩ በ12 ሊትር 40 ኪሎፓስካል የሚጥል ከሆነ በ14.1 ሊትር 55 ገደማ መታየት አለበት፤ ግፊቱ ከፍሰቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ነው። በዚህ መንገድ የሚያገኙት ፍሰት ከዩኒቶቹ ድምር ከ10 በመቶ በላይ ቢለያይ ወደ ፊት አይሂዱ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአንዱ ቫልቭ ስፋት በሠንጠረዡ ውስጥ በስሕተት መወሰዱ ነው።

## ደረጃ 4፦ ማመጣጠን

በዚህ ደረጃ የሚፈለገው እያንዳንዱን ዩኒት 100 በመቶ ማድረስ ሳይሆን ሁሉንም ወደ አንድ መቶኛ ማምጣት ነው። ይህን ሳይረዱ አንዱን 100 ላይ አድርሰው ወደሚቀጥለው የሚያልፉ ሰዎች መጀመሪያ ያስተካከሉት ተመልሶ ሲለወጥባቸው ዙሩን አያቆሙትም።

1. ዝቅተኛውን መቶኛ የያዘውን ዩኒት መነሻ ያድርጉ። እዚህ ዩኒት 4 ነው። የእሱ የማመጣጠኛ ቫልቭ እስከ መጨረሻው ሙሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ረዳትዎን እዚያ ያቁሙ።
2. ወደ ዩኒት 3 ይሂዱና ቫልቩን ቀስ በቀስ ያጥብቡ። የዩኒት 3 መቶኛ ሲወርድ የዩኒት 4 ይወጣል፤ ሲገናኙ ያቁሙ። በምሳሌያችን ሁለቱ የሚገናኙት 94 ወይም 95 በመቶ ላይ ነው።
3. ዩኒት 2ን ከዩኒት 4 ጋር እስኪገናኝ ያጥብቡ። አሁን ሦስቱም 99 በመቶ አካባቢ ይሆናሉ። ወደ ዩኒት 3 መመለስ አያስፈልግም፤ 3 እና 4 አንድ ላይ ስለሚወጡ ንጽጽራቸው አይፈርስም።
4. በመጨረሻ ዩኒት 1ን ያጥብቡ። እስካሁን ያልተነካ በመሆኑ መቶኛው ከመነሻው እንኳ ከፍ ብሎ 146 ገደማ ደርሷል፤ ስለዚህ ብዙ ማጥበብ ይጠይቃል። ሲጨርሱ አራቱም 104 በመቶ ላይ ይሆናሉ።
5. የእያንዳንዱን ቫልቭ የዙር ቁጥር ይመዝግቡ፤ በቫልቩ ማቆሚያም ይቆልፉት።

ከ5 በመቶ የማይበልጥ መለያየት ይበቃል። በቫልቩ ላይ የሚለካው ፍሰት ራሱ ከዚያ ብዙም የተሻለ እርግጠኝነት የለውም።

የዩኒት 3 ቫልቭ ሲጠብ ዩኒት 4 ካልተነቃነቀ፦ የዩኒት 4 ማጣሪያ ወይም ኮይል ተዘግቷል፣ አለዚያም ከፊሉ የተዘጋ የበር ቫልቭ አለ። ቅርንጫፉን በክፍል በክፍል ይለኩ፤ ትልቁ የግፊት ውድቀት ያለበት ቦታ የተዘጋው ነው።

ዝቅተኛው መቶኛ በሩቁ ሳይሆን በመሃል ባለ ዩኒት ላይ ከታየ፦ የሚጠረጠረው መጀመሪያ እዚያው ያለ መዘጋት ነው። ካልተገኘና የኮይሉ የራሱ ግፊት ከፍተኛ ከሆነ ያን ዩኒት መነሻ አድርገው ይቀጥሉ። የሴንሰሩ ቦታም ያኔ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።

## ደረጃ 5፦ ሴት ፖይንቱን ከመስመሩ ማንበብ

አራቱም 104 በመቶ ላይ ስለሆኑ ፓምፑ ትርፍ አለው። ትርፉን በፓምፑ መውጫ ቫልቭ አይቁረጡት፤ ኢንቨርተሩ ያለው ለዚህ ነው።

1. ድግግሞሹን ወደ 48 ኸርዝ ያውርዱ። ፍሰት ከፍጥነት ጋር በቀጥታ ስለሚሄድ 104 በመቶው 100 ገደማ ይሆናል። የፓምፑ ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል።
2. ዩኒት 4ን እንደገና ይለኩና 3.0 ሊትር መሆኑን ያረጋግጡ።
3. በዚያው ቅጽበት የግፊት ልዩነት ሴንሰሩን ያንብቡ። በምሳሌያችን 86 ኪሎፓስካል ነው።

በሙሉ ጭነት መስመሩ የሚያስፈልገው 86 ነው። ይህ ቁጥር ከሌላ ከየትም አይመጣም። እውነት መሆኑን ከቅርንጫፉ ክፍሎች ድምር ማመሳከር ይቻላል፦ ኮይሉ 25፣ መቆጣጠሪያ ቫልቩ በ`Kv` 16 ተሰልቶ 46፣ ሙሉ ክፍት የሆነው የማመጣጠኛ ቫልቭ 11፣ ማጣሪያውና አጫጭር ቧንቧዎቹ 4። ድምሩ ከንባቡ በጣም ከራቀ ሴንሰሩን ወይም የተገጠመውን ቫልቭ ይጠርጥሩ።

ሴንሰሩ በፓምፑ ክፍል ውስጥ የተተከለ ከሆነ ያው አሠራር ይሠራል፤ የሚያነቡት ቁጥር ግን የዋናውን ቧንቧ ውድቀት ጨምሮ የያዘ ስለሆነ በዝቅተኛ ጭነት ጊዜ ፓምፑ ያለ ምክንያት ይሮጣል። ሴንሰሩን ወደ መስመሩ መጨረሻ ማዛወር ከተቻለ ያዛውሩ።

## ደረጃ 6፦ ያጋደለ ጭነትን መፈተሽ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ መሣሪያውን ሰብስቦ ይሄዳል። በባለሁለት መንገድ ቫልቭ በሚሠራ መስመር ግን አራቱም ዩኒቶች ሙሉ የሚከፈቱት ከስንት አንዴ ነው፤ ለምሳሌ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ሞቀው ሁሉም በአንድ ጊዜ ውሃ ሲጠይቁ። አብዛኛውን ቀን ግን አንዱ ወገን ይከፈታል፣ ሌላው ይዘጋል።

ከፓምፑ አጠገብ ያለው ዩኒት 1 ብቻ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ሌሎቹ ተዘግተዋል እንበል። በሙሉ ፍሰት ጊዜ በዩኒት 1 ቅርንጫፍ መነሻ ላይ 130 ኪሎፓስካል ነበረ፤ ከዚያ እስከ ዩኒት 4 ዋናው ቧንቧ 44 እየጣለ 86 ይቀር ነበር። ዩኒት 1 ሙሉ ክፍት ሲሆን የሚያስፈልገው 60 ብቻ ስለነበር በደረጃ 4 የማመጣጠኛ ቫልቩ የቀረውን 70 እንዲጥል አጥብበነዋል። አሁን ከዩኒት 1 ወዲያ የሚፈስ ውሃ ስለሌለ ዋናው ቧንቧ ምንም አይጥልም፤ ሴንሰሩ ላይ 86 ከተጠበቀ ዩኒት 1 ላይም ያለው 86 ነው። የጠበበው ቫልቭ ግን እንደጠበበ ነው። 86 ለ130 ተካፍሎ ካሬ ሥሩ ሲወሰድ 0.81 ይሆናል፦ ዩኒት 1 የሚያገኘው 2.44 ሊትር፣ ማለትም የሚገባውን 81 በመቶ ነው። ኮንትሮለሩ ሴት ፖይንቱ እንደተጠበቀ ያያል፣ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ የክፍሉ ሰው ግን ይሞቀዋል።

ፈተናውን እንዲህ ያድርጉ፦

1. ፓምፑን ወደ ራስ ሰር መልሰው ሴት ፖይንቱን 86 ላይ ይያዙ። የባይፓስ ቫልቩንም ይልቀቁት፤ በዚህ ፈተና የቺለሩ ፍሰት ዝቅ ይላል።
2. ዩኒት 1ን 100 በመቶ ከፍተው ሌሎቹን ይዝጉ። ማንኛውም ቫልቭ ሳይከፈት ፓምፑ እንዲዞር በፍጹም አይፍቀዱ።
3. የዩኒት 1ን ፍሰት ይለኩ።
4. ሴት ፖይንቱን በ5 ኪሎፓስካል እያሳደጉ ፍሰቱ እንዴት እንደሚወጣ ይመዝግቡ።

በምሳሌያችን ሴት ፖይንቱ 100 ሲሆን ፍሰቱ 88 በመቶ፣ 2.63 ሊትር ይደርሳል። ሙሉ 3.0 ሊትር ለማግኘት 130 ያስፈልጋል። እዚያ ድረስ መሄድን አልመክርም። ኮይል ውሃው በቀነሰ መጠን ልክ ቅዝቃዜው አይቀንስም፤ ፍሰቱ 88 በመቶ ሲሆን የሚጠፋው የማቀዝቀዝ አቅም ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ለዚህ ሕንፃ የሴት ፖይንቱን ከፍተኛ ወሰን 100 አድርጌ እይዘዋለሁ። በደረጃ 8 የሚመጣው ሪሴት፣ ማለትም ሴት ፖይንቱን እንደ ቫልቮቹ ጥያቄ የሚያወጣውና የሚያወርደው ፕሮግራም፣ ሲያስፈልግ ብቻ እስከዚያ ያወጣዋል። ሁሉም ዩኒቶች ሙሉ ሲከፈቱ ፓምፑ በ50 ኸርዝ ሴንሰሩ ላይ 93 ብቻ ስለሚያደርስ 100 ላይ አይደርስም፤ ይህ ጉዳት የለውም፣ አራቱም ያኔ 104 በመቶ ያገኛሉ።

ዩኒት 1 የቀዶ ጥገና ክፍልን የመሰለ ጉድለት የማይታገሥ ቦታ የሚያገለግል ቢሆን ውሳኔው ይለያል። ያኔ የዩኒት 1ን የማመጣጠኛ ቫልቭ በመጠኑ መልሰው ይክፈቱ፤ በሙሉ ጭነት ጊዜ ሩቁ ዩኒት ጥቂት እንደሚጎድለው ግን አውቀውና ለሕንፃው ባለቤት በጽሑፍ አስታውቀው ያድርጉት። ሁለቱንም የሚያረካ በእጅ የሚዞር ቫልቭ የለም።

## ደረጃ 7፦ የታችኛው ወሰንና ባይፓስ

ሪሴቱ ሴት ፖይንቱን ያለ ወሰን እንዲያወርድ አይተዉት። በዝቅተኛ ጭነት ጊዜ ሴት ፖይንቱን በእጅ በ5 ኪሎፓስካል እያወረዱ ዩኒቶቹን ይመልከቱ፤ አንዱ መጉደል ሲጀምር ወይም ፓምፑ ዝቅተኛ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ ያቁሙ። በምሳሌያችን 25 ኪሎፓስካልና 20 ኸርዝ ተይዟል። ፓምፑ በ20 ኸርዝ እየዞረ ንባቡ ከ25 በላይ ቢሆን ጥፋት አይደለም፤ ከዚህ በታች የሚወርድ ፍጥነት ስለሌለ ነው።

ባይፓሱ የሚታዘዘው በሴት ፖይንቱ ሳይሆን በቺለሩ ፍሰት ነው። የኢቫፖሬተሩ ዝቅተኛ ፍሰት 5 ሊትር በሰከንድ ከሆነ፣ በ12 ሊትር 40 ኪሎፓስካል የሚጥለው ኢቫፖሬተር በ5 ሊትር የሚጥለው 7 ብቻ ነው፤ የኢቫፖሬተሩ ግፊት ከዚያ በታች ሲወርድ ባይፓሱ መከፈት ይጀምር። ለቺለሩ የተሰጠውን ዝቅተኛ ፍሰት ከፋብሪካው ሰነድ ይውሰዱ፤ የዚህን ምሳሌ ቁጥር አይገልብጡ።

## ደረጃ 8፦ ሪሴቱን ማስገባት

ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚጠይቅ ቫልቭ ከሌለ ሴት ፖይንቱ በዝግታ ይወርዳል፤ ቫልቭ ሲጠይቅ ፈጠን ብሎ ይወጣል። አንድ ቫልቭ ከ95 በመቶ በላይ ሲከፈት ጥያቄ ያቀርባል፣ ከ85 በታች እስኪወርድም ጥያቄው ይቆያል። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች የተያዙት ጥያቄው በየደቂቃው እንዳይበራና እንዳይጠፋ ነው።

```
START: SP = 100
EVERY 5 min, IF pump ON > 15 min:
  R = requests - I
  IF R <= 0: SP = SP - 2
  ELSE:      SP = SP + MIN(3*R, 7)
  SP = LIMIT(25, SP, 100)
```

`I` ችላ የሚባሉ ጥያቄዎች ብዛት ነው። ብዙ ዩኒት ባለው ሕንፃ 2 ማድረግ የተለመደ ነው፤ አራት ዩኒት ብቻ ባለበት ግን 2 ማለት የሕንፃውን ግማሽ ችላ ማለት ስለሆነ 0 ያድርጉት። ሴት ፖይንቱ ከ100 የሚነሳውም በምክንያት ነው፦ መብራት ሲመለስ ሁሉም ዩኒት በአንድ ላይ ይከፈታል፣ ከታች ተነስቶ መውጣት ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ከመብራት መጥፋት በኋላ ኢንቨርተሩ በእጅ ሳይሆን በራስ ሰር ላይ ሆኖ እንደሚነሳና ኮንትሮለሩ ወሰኖቹን እንዳልረሳ መቁረጫውን አጥፍተው አብርተው ይፈትሹ።

ሪሴቱን ከማብራትዎ በፊት የፓምፑን የፍጥነት መቆጣጠሪያና የዩኒቶቹን የሙቀት መቆጣጠሪያ እንዲረጉ ያስተካክሉ። በሚወዛወዝ ዙር ላይ ሪሴት መጫን ውዝዋዜውን ያባብሳል።

## ደረጃ 9፦ መዝገቡን ማንበብ

ሴት ፖይንቱን፣ ትክክለኛውን ግፊት፣ የፓምፑን ድግግሞሽና የአራቱን ቫልቮች ቦታ በየደቂቃው የሚመዘግብ ትሬንድ ከፍተው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይተዉት።

ጤናማ መዝገብ እንዲህ ይመስላል፦ ጠዋት ሴት ፖይንቱ ከ100 ይነሳል፤ ጥያቄ ከሌለ በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ 25 ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ጭነቱ ሲጨምር አንድ ቫልቭ በ85 እና በ95 መካከል ሆኖ ሴት ፖይንቱ በመሃል ይቆያል።

ሴት ፖይንቱ ቀኑን ሙሉ 100 ላይ ከተጣበቀ፦ አንድ ቫልቭ ሁልጊዜ 100 በመቶ ላይ ነው። ዩኒቱን ለይተው በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ፦ የክፍሉ የሙቀት ዒላማ ያለ አግባብ ዝቅ ተደርጎ እንደሆነ፣ የአየር ማጣሪያው መቆሸሹን፣ የሙቀት ሴንሰሩን ትክክለኛነት፣ የውሃ ማጣሪያውን፣ በመጨረሻም ኮይሉን። በጅማ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታሰብ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትርን የምታልፍ በመሆኗ አየሩ በባሕር ወለል ካለው 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ለባሕር ወለል የተመረጠ ማራገቢያና ኮይል ውሃው ሙሉ ቢሆንም የተጻፈለትን ኪሎዋት አያወጣም። የውሃው ፍሰት 100 በመቶ ሆኖ የመመለሻው ውሃ ከ13 ዲግሪ በታች እየቀዘቀዘ ከወጣ፣ የአየር ማጣሪያውም ንጹሕ ከሆነ፣ የጎደለው በአየር በኩል ነው፤ ግፊት ቢጨምሩ የሚያተርፉት የለም። ያ ዩኒት እስኪስተካከል ድረስ ጥያቄውን ከቆጠራው ያውጡት፤ የወጣበትን ቀን ግን በመዝገብ ይጻፉ፣ አለዚያ ተረስቶ ይቀራል።

ሴት ፖይንቱ 25 ላይ ሆኖ ክፍሎች ከሞቁ፦ ጥያቄው ወደ ፓምፑ ኮንትሮለር እየደረሰ አይደለም። አንዱን ቫልቭ በእጅ 100 በመቶ አድርገው በ5 ደቂቃ ውስጥ ሴት ፖይንቱ በ3 መውጣቱን ይዩ። ካልወጣ የመገናኛ መስመሩን ወይም የነጥቡን ስያሜ ይፈትሹ። ይህን ፈተና በአራቱም ዩኒቶች ይድገሙት።

የፓምፑ ድግግሞሽ ከተወዛወዘ፦ የውዝዋዜውን እርዝመት ይለኩ። በአንድና ሁለት ደቂቃ የሚመላለስ ከሆነ ጥፋቱ በፓምፑ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው፤ ምላሹን ያለዝቡ። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ሪሴቱ ነው፤ 7 የነበረውን የአንድ ጊዜ ከፍተኛ ጭማሪ ወደ 4 ያውርዱ። አንድ ቫልቭ ብቻ እየተወዛወዘ ሌሎቹን የሚያስከትል ከሆነ ያን ዩኒት በእጅ ይያዙት፤ ሌሎቹ ከረጉ መታረም ያለበት የእሱ የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው።

መላኪያና መመለሻው የሚለያዩት ከ6 ዲግሪ በጣም ባነሰ ከሆነ፦ ባይፓሱ ሳይዘጋ ቀርቷል ወይም ቫልቮች በግፊት ተገፍተው ያሳልፋሉ። ባይፓሱን በእጅ ዘግተው ልዩነቱ ከተመለሰ እሱ ነው። ካልተመለሰ እያንዳንዱን ቫልቭ በየተራ ዘግተው የማኖሜትሩ ንባብ ዜሮ መሆኑን ይመልከቱ፤ ንባብ ያሳየው ቫልቭ አክቹዌተሩ ለመዝጋት የሚያስፈልገው ኃይል የለውም ወይም መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ይዟል።